ቤዝመንት ሲያከራዩ በአጭበርባሪ እንዳይበሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ቤት የገዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤዝመንታቸውን አከራይተው ከወርሃዊው የሞርጌጅ ክፍያ የተወሰነውን ይሸፍናሉ። ስለ ኪራይ ማጭበርበር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ያልነበረ ቤት ተከራይቶ ገንዘቡን የተበላው ሰው ነው። አከራዩ ግን ለአጭበርባሪ እኩል የተጋለጠ ነው። ስልኩንና የቤቱን ፎቶ በገዛ እጁ አደባባይ አውጥቷል፤ ክፍሉ ባዶ በሆነ ቁጥር ገቢው ስለሚቀንስ ደግሞ ይቸኩላል። ቀጥሎ ከማነሳቸው ስህተቶች ትልቁን ኪሳራ የሚያስከትለው የቼኩ ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

ማስታወቂያው ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ማስፈር

ፎቶዎቹንና ጽሑፉን ሌላ ሰው ገልብጦ በራሱ ስም ሊያወጣቸው ይችላል። እርስዎ በ1,400 ዶላር ያስተዋወቁትን ክፍል እሱ 850 ዶላር ይለዋል። ለጠያቂዎቹ «ለሥራ ከአገር ወጥቻለሁ፤ ማስያዣውን ላኩልኝና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» እያለ ከብዙ ሰዎች ገንዘብ ይሰበስባል። ከዚያም አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሻንጣውን የያዘ ቤተሰብ በርዎን ያንኳኳል። ገንዘቡን የተበላው እሱ ቢሆንም፣ ፖሊስ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ የቤት ቁጥሩን አይጻፉ፤ ሰፈሩንና የሚቀርበውን የሜትሮ ጣቢያ መጥቀስ ይበቃል። ቁጥሩን ቤቱን ለማየት ቀጠሮ ለያዘ ሰው ብቻ ይስጡ። «ቤቱ ባዶ ነው» ከማለት «ከኖቬምበር 1 ጀምሮ የሚከራይ» ማለት ይሻላል። ቁልፍ ፎቶ ውስጥ አይግባ፤ ጥርሱ በግልጽ ከታየ ከፎቶው አስመስሎ መቅረጽ ይቻላል። በእያንዳንዱ ፎቶ መሐል ላይ ደግሞ የኪራዩን ዋጋና «ቤቱን ሳያዩ ለማንም አይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ያስፍሩ። አጭበርባሪው ጽሑፍዎን ቢለውጥ እንኳ በፎቶው ላይ የተጻፈውን በቀላሉ አያጠፋውም። ማስታወቂያው እስካለ ድረስ በየጥቂት ቀኑ ከጽሑፍዎ አንድ የተለየ ዓረፍተ ነገር ወስደው በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገው ጉግል ላይ ይፈልጉት፤ ፎቶውንም በምስል መፈለጊያው ይሞክሩት። የተገለበጠ ካገኙ ለወጣበት ድረ ገጽ ያሳውቁና ከማስታወቂያዎ ጎን ማሳሰቢያ ይጨምሩ።

ከመጀመሪያው መልእክት በመነሳት ማመንም ሆነ መጠርጠር

በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ የሚመጣው «አሁንም አለ?» የሚል አጭር ጥያቄ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ድረ ገጹ ራሱ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው መልእክት ስለሆነ እውነተኛ ተከራይም ይልከዋል። መታየት ያለበት ሁለተኛው መልእክት ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው ስለ ቤቱ ይጠይቃል፦ መግቢያው ለብቻው ነው ወይ፣ ልብስ ማጠቢያ አለ ወይ፣ መኪና የት ይቆማል፣ ኢንተርኔቱ ከኪራዩ ጋር ነው ወይ? ዋጋም ይከራከራል። አጭበርባሪው ግን ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። መርከብ ላይ ነው፣ ወታደር ነው፣ ለኮንትራት ሥራ የምትመጣ ነርስ ነች። ዋጋውን ሳይከራከር ይቀበላል፤ ቤቱን ሳያይም ቼክ የሚልክበትን ሙሉ ስምና አድራሻ ይጠይቃል።

እነዚህን ለመለየት «ቤቱን መጥተው የሚያዩት መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበቃል። በእርግጥ ከሌላ ስቴት የሚመጣ እውነተኛ ተከራይም አለ። እሱን በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ያነጋግሩት፣ ወይም በአካባቢው ያለ ዘመድ መጥቶ እንዲያይለት ይጠይቁት። እውነተኛው ሰው በደስታ ይቀበላል፤ ሌላው ካሜራው ተበላሽቷል፣ ስብሰባ ላይ ነው።

መልእክቱ በአማርኛ መሆኑም ዋስትና አይሆንም፤ በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ ማንም ሊልክ ይችላል። አንዱ መልእክት «አንቺ» ብሎ የጀመረውን ቀጣዩ «አንተ» ካለ ወይም ቤትዎን «ዕቃው» እያለ ከጠራ ልብ ይበሉ። በሌላ በኩል በአነጋገር ዘዬ ወይም በትውልድ አገር ሰውን መጠርጠር ስህተትም፣ በሕግ የሚያስጠይቅም ነገር ነው። የአሜሪካ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ከ1968 ጀምሮ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገርና በመሳሰሉት ማዳላትን ይከለክላል። ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ማቅረብ ከአጭበርባሪም ከክስም ይጠብቃል።

በስልክዎ የመጣ ኮድ ለጠያቂው መስጠት

«በዚህ ስፍራ ሐሰተኛ ማስታወቂያ በዝቷል፤ እውነተኛ ሰው መሆንዎን ለማረጋገጥ ኮድ ልኬያለሁና ይንገሩኝ» ይላል። ስድስት አሃዝ ያለው መልእክት ወዲያው ስልክዎ ላይ ይደርሳል። የላከው ግን እሱ ሳይሆን ጉግል ነው። ቁጥሩን ከነገሩት በእርስዎ ስልክ ላይ የተመሠረተ የጉግል ቮይስ ቁጥር ያወጣና ሌሎች ሰዎችን ሲያጭበረብር ይጠቀምበታል። መልእክቱ ራሱ ኮዱን ለማንም እንዳይሰጡ ያስጠነቅቃል፤ ብዙ ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያልፋል። ሰጥተው ከሆነ በራስዎ የጉግል ቮይስ መለያ ላይ ያንኑ ስልክ ቁጥር በመጨመር መልሰው ሊያስለቅቁት ይችላሉ።

ባንኩ ገንዘቡን ስላሳየ ቼኩ የተከፈለ መስሎ መታየት

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ምሳሌ እንከተለው። የክፍሉ ኪራይ 1,400 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለሚፈረም ውል ማስያዣው በመደበኛው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ ስለሌለበት፣ በመግቢያው ቀን የሚከፈለው ቢበዛ 2,800 ዶላር ይሆናል። ከቴክሳስ እመጣለሁ ያለች «ነርስ» ዋጋውን ተቀብላ ቼኩን ቀጣሪዬ ይልከዋል ትላለች። ሐሙስ ዕለት በፈጣን ፖስታ አንድ ካሺየርስ ቼክ ይደርሳል፤ የተጻፈበት ገንዘብ ግን 4,650 ዶላር ነው። ቼኩ ላይ ያለው ስም ኦሃዮ ውስጥ ያለ የግንባታ ድርጅት ነው፤ ፖስታው የተላከው ደግሞ ከፍሎሪዳ ነው። ትርፉ 1,850 ዶላር ለዕቃ አጓጓዦቹ ስለሆነ፣ ቼኩን አስገብተው በዜል እንዲልኩላቸው በትሕትና ትለምናለች።

አከራይዋ ዓርብ ቼኩን በባንክ መስኮት ታስገባለች። በሒሳቧ 3,100 ዶላር ነበራት። ሰኞ ስልኳን ስትከፍት 7,750 ይላል። «ገባ ማለት ነው» ብላ 1,850ውን ትልካለች። በሚቀጥለው ሳምንት ባንኩ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ መመለሱን ያሳውቃትና 4,650ውን ከሒሳቧ ይቀንሳል። የቀራት 1,250 ዶላር ነው። ከዚያም ላይ አንዳንድ ባንኮች ለተመለሰ ቼክ ክፍያ ይጠይቃሉ።

ይህ የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ስላሉ ነው። በፌደራል ደንብ መሠረት በአካል ቀርበው የሚያስገቡት ካሺየርስ ቼክ በመደበኛው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ለመጠቀም ክፍት መሆን አለበት። ቼኩን አወጣ የተባለው ባንክ ደግሞ መርምሮ «ይህ የእኔ አይደለም» እስኪል ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በመሐሉ ያለው ገንዘብ ባንኩ ያስቀደመልዎ ነው፤ ቼኩ ከተመለሰ ዕዳው የእርስዎ ይሆናል። አገር ቤት ከምናውቀው ደረቅ ቼክም ይለያል። የደረቅ ቼክ ፈራሚ የሚታወቅ ሰው ነው፤ በዚህኛው ግን ነገሩን ጨርሶ የማያውቅ ድርጅት ስምና የሒሳብ ቁጥር ተሰርቆ ታትሟል፤ የሚከሰስም አይገኝም።

ስለዚህ የባንክ ሠራተኛውን «ገንዘቡ ገብቷል?» ብለው አይጠይቁት፤ «ቼኩ ከእንግዲህ ሊመለስ ይችላል?» ብለው ይጠይቁት። የቼኩን እውነተኛነት ለማጣራት አወጣው የተባለውን ባንክ ቢደውሉ፣ ስልኩን ከባንኩ ድረ ገጽ ይውሰዱ እንጂ ቼኩ ላይ ከታተመው አይሁን፤ ያኛው የአጭበርባሪው ስልክ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተስማሙበት የበለጠ ቼክ ከመጣ ጨርሶ አያስገቡት። «በትክክለኛው መጠን ይላኩልኝ» ይበሉ። ትክክለኛውን መጠን ጽፎ የላከውም አንዳንዴ ያው አጭበርባሪ ነው፤ 2,800 ልኮ ከሦስት ቀን በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ፣ ለድካምዎ 200 ያስቀሩና ቀሪውን ይመልሱልኝ» ይላል። ቅጣቱን ራሱ ሲያቀርብ ጨዋ ይመስላል፤ የሚመለስለት ግን የእርስዎ ገንዘብ ነው።

ቤቱን አይቶ ውሉን በአካል ከፈረመ ተከራይ ጋር ቼኩ ወደሚወጣበት ባንክ አብሮ መሄድ ጥሩ መንገድ ነው። ሌላው የፖስታ ቤት መኒ ኦርደር ነው፤ ፖስታ ቤት ወስደው ሊመነዝሩት ይችላሉ። በአገር ውስጥ የሚላክ አንድ መኒ ኦርደር ከ1,000 ዶላር አይበልጥም፤ እንግዲህ 1,400 የተጻፈበት አንድ ወረቀት ከመጣ ሐሰተኛ ነው። እውነተኛው ወደ ብርሃን ሲያዝ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ምስል ከላይ እስከ ታች ተደጋግሞ ይታያል። በዜል የሚከፈል ከሆነ የሚታየው በኢሜይል የመጣው ማሳወቂያ ሳይሆን የራስዎ የባንክ መተግበሪያ ነው። «ሒሳብዎን ወደ ንግድ ሒሳብ ካላሳደጉ ገንዘቡ አይለቀቅም፤ 300 ዶላር ይመልሱ» የሚል ኢሜይል ከባንክ አይመጣም።

መታወቂያ መለዋወጥ

«እንድተማመን የመንጃ ፈቃድዎን ፎቶ ይላኩልኝ» የሚል ሰው ምስሉን ወስዶ በተገለበጠው ማስታወቂያ ላይ እርስዎን ሆኖ ይቀርብበታል። አይላኩ። እርስዎም የአመልካቹን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በቴክስት አይቀበሉ፤ አመልካቹ ራሱ መረጃውን የሚያስገባበት የተከራይ ማጣሪያ አገልግሎት ይጠቀሙ።

በኀፍረት ዝም ማለት

የተጭበረበረ ሰው «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ሲደብቅ ጊዜ ያልፋል፤ ጊዜ ደግሞ እዚህ ላይ ገንዘብ ነው። በዜል ወይም በሐዋላ የላኩት ገና ካልተነሳ ሊቆም የሚችለው ለባንኩ የማጭበርበር ክፍል ወዲያው ከደወሉ ነው። ቼኩን አስገብተው ገንዘብ ካልላኩ ደግሞ ስጋትዎን ለባንኩ ይንገሩና ገንዘቡን አይንኩት። ፖስታውን፣ የመከታተያ ቁጥሩን፣ ቼኩንና መልእክቶቹን በሙሉ ያስቀምጡ። አቤቱታውን በ reportfraud.ftc.gov እና በኤፍቢአይ ገጽ ic3.gov ያስመዝግቡ፤ ቼኩ በመንግሥት ፖስታ ከመጣ ለፖስታ ምርመራ አገልግሎትም ያሳውቁ። እንግሊዝኛው ከከበደዎ ልጅዎን ወይም ጎረቤትዎን አጠገብዎ አስቀምጠው በዚያው ቀን ይሙሉት።