በግብር ዕዳ የታሸገ ንግድ ቤት እንዴት ይከፈታል?

ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ አክስቴ ደብረ ብርሃን ያለችውን ምግብ ቤቷን ልትከፍት ስትሄድ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ወረቀቱ የተለጠፈው ሁለቱ የበር ክንፎች በሚገናኙበት ላይ ነው። ማኅተሙም ግማሹ በአንዱ ክንፍ፣ ግማሹ በሌላው ላይ አርፏል። በሩ ቢከፈት ይቀደዳል። ውስጥ ደግሞ የማታው ሊጥ በበርሜል ተቦክቶ ተቀምጧል።

ደውላ የነገረችኝ የመጀመሪያ ነገር «ያለችኝን ብር ይዤ ሄጄ ልክፈል» የሚል ነበር። «ቆይ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቢልኝ» አልኳት። እናንተም ቢደርስባችሁ ከዚሁ ጀምሩ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ያሸገው ማን ነው? ንግድ ቤት የሚታሸገው በግብር ብቻ አይደለም። የንግድ ፈቃድ ሳይታደስ ሲቀር ንግድ ጽሕፈት ቤትም ያሽጋል። እዚያ ሄዶ መጨረስ ያለበትን ጉዳይ ገቢዎች በር ላይ ተሰልፎ ቀኑን የሚጨርስ ሰው አለ። ሁለተኛ፣ በየትኛው አንቀጽ ነው የታሸገው? በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ድርጅትን ለጊዜው ማሸግ በአንቀጽ 45 ነው። በግል ስንነግድ ግብራችንን የምንከፍለው ለክልሉ ገቢዎች ነው፤ የክልሉ ሕግም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፣ 7 ቀን ይሰጣል፣ ካልተከፈለ ያሽጋል። እሽጉ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም።

አክስቴ ማስጠንቀቂያው ደርሷት ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከታው ረስታዋለች። ያን ወረቀት ካላችሁ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ጨርሶ ካልደረሳችሁም ይህንኑ በማመልከቻችሁ ጻፉ።

14 ቀኑ ያልፋል ብሎ ቤት መቀመጥ ግን አያዋጣም። ዕዳው አብሮ አያልፍም፤ መሥሪያ ቤቱ ወደ ባንክ ሒሳብ እገዳና ወደ ንብረት መያዝ ሊሄድ ይችላል። ቀኑ ቢያልፍም ማኅተሙን በራሳችሁ እጅ እንዳትነኩ። ማኅተም መቅደድ ከግብር ጉዳይ አውጥቶ በወንጀል ያስጠይቃል። የሚበላሽ ነገር ውስጥ ካለ በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቱና በሠራተኞቹ ፊት ተቆጥሮ ይውጣ። እኛ ይህን ያመለከትነው በሦስተኛው ቀን ነው። ሲከፈት ሊጡ ከበርሜሉ ገንፍሎ ወለሉ ላይ ደርቋል፤ ሽታው እስከ ጓሮ ይሰማል። በሰዓቱ ብናመለክት ይተርፍ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ገቢዎች ሄዳችሁ የምትጠይቁት የዕዳውን ዝርዝር ነው። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ። የየትኛው ዓመት፣ የምን ዓይነት ግብር፣ ዋናው ስንት፣ ቅጣቱ ስንት፣ ወለዱ ስንት የሚለው ተለያይቶ ይጻፍላችሁ። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ፤ ብዙ ብር የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚህ ነው።

የአክስቴ ዝርዝር ሁለት ዕዳ ነበረው። አንዱን ታውቀዋለች። የ2014 ግብሯን አሳውቃ 18,000 ብር እስከ ነሐሴ 30 መክፈል ነበረባት፤ አልከፈለችም። በአዋጁ መሠረት በጊዜው ላልተከፈለ ግብር ለመጀመሪያው ወር ወይም ለወሩ ከፊል 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለየወሩ 2 በመቶ ይቀጣል። የተጀመረ ወር እንደ ሙሉ ወር ነው የሚቆጠረው። ሦስተኛው ወር ላይ ስለነበረች 9 በመቶ ሆነ፣ 1,620 ብር። ከዚህ ላይ ወለድ አለ። ወለዱ ባንኮች ከሚያስከፍሉት ከፍተኛ የብድር ወለድ ላይ የዚያኑ 15 በመቶ ጨምሮ የሚሰላ ነው። ሁሉም ሲደመር ወደ 20,400 ብር መጣ። ይህ ትክክል ነው፤ የሚያከራክር ነገር የለውም።

ሁለተኛው የ2011 ውዝፍ ነው፤ ዋናው 6,400 ብር። ለ39 ወር ቅጣቱ 81 በመቶ ደርሶ 5,184 ብር ሆኗል። ከወለዱ በፊት ብቻ 11,584 ብር ማለት ነው። አክስቴ ግን «ከፍያለሁ» አለች። ድሮ ብስኩት የነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ደረሰኞቿን በየዓመቱ በላስቲክ አስራ ታስቀምጣለች። የ2011ዱ ተገኘ። ስሟ ልክ ነው፣ ብሩ ልክ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯን አሥሩን አኃዝ አንድ በአንድ ስንቆጥር ግን ስምንተኛው ላይ 3 መሆን የነበረበት 8 ተብሎ ተጽፏል። ብሩ ገብቷል፤ የገባው ግን በእሷ ስም አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ አጭር ማመልከቻ ጻፉ። የተሳሳተውን ቁጥርና ትክክለኛውን አስቀምጡ፣ የደረሰኙን ኮፒ አያይዙ። ዋናውን አሳዩ እንጂ አትስጡ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን ተቀበሉ። የተቀበለን ልጅ ደረሰኙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየና «እትዬ፣ ይህቺን ባያስቀምጡ ኖሮ ሁለቴ ይከፍሉ ነበር» አላት። ማጣራቱ ሁለት ቀን ወሰደ፣ ውዝፉም ተሰረዘ።

የእናንተ ቅሬታ በግብሩ ውሳኔ ላይ ከሆነ፣ ማለትም «በዝቶብኛል» የምትሉ ከሆነ፣ መንገዱ ሌላ ነው። በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ የማትከራከሩበትን የግብር ክፍል መክፈል ይኖርባችኋል። ብዙ ጊዜ ቤቱ ሲታሸግ ይህ ጊዜ አልፏል።

አሁን ወደ ክፍያው። ሙሉውን የያዘ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ያልያዘ ደግሞ የጊዜ ማራዘሚያ ወይም በየወሩ የመክፈል ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርብ። መፍቀድ የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ነው፤ ስለዚህ ባዶ እጅ «ይታሰብልኝ» ከማለት አሁን የምትከፍሉትንና የቀረውን በስንት ጊዜ እንደምትጨርሱ በቁጥር ጻፉ። አክስቴ 12,000 ብር ወዲያው፣ የቀረውን 8,400 በሦስት ወር 2,800 እየከፈለች ለመጨረስ ጠየቀች። ተፈቀደላት። በከፊል የሚከፈል ገንዘብ መጀመሪያ ከዋናው ግብር፣ ቀጥሎ ከወለዱ፣ መጨረሻ ከቅጣቱ ላይ ነው የሚቀነሰው፤ በደረሰኛችሁ ላይ ይህን አረጋግጡ። ባልተከፈለው ላይ ወለድ መቁጠሩን አያቆምም። የአንድ ወር ክፍያ ካሳለፋችሁ ደግሞ የቀረው ሁሉ በአንዴ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የማትችሉትን ቁጥር አትጻፉ።

ባንክ መክፈል ብቻውን በሩን አይከፍትም። ብዙ ሰው ባንክ ከፍሎ ቤቱ ሄዶ ይጠብቃል፤ የሚመጣ የለም። የባንኩን ወረቀት ለገቢዎች መልሳችሁ ወስዳችሁ የገቢ ደረሰኝ አስቆርጡ። ከመስኮቱ ሳትነሱ አሥሩን አኃዝ አንብቡ። ከዚያ «እሽጉ ይነሳልኝ» ብላችሁ አመልክቱና የእሽግ ማንሻ ደብዳቤው ለማን እንደተመራ ጠይቁ። ያሸጉት ሠራተኞች ናቸው መጥተው የሚያነሱት።

አክስቴ ማክሰኞ ጠዋት ከፍላ ረቡዕ ከሰዓት መጡላት። ወረቀቱ ሲነሳ ውስጥ ያለው ዕቃ እንዳለ መሆኑን አይታ ነው ፊርማ የሰጠችው። የደብዳቤውን ኮፒ ከ2011ዱ ደረሰኝ ጋር በላስቲክ አስራ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ተመልሰን የዕዳ ዝርዝሯን እንደገና አስወጣን። 8,400 ብቻ ነበር የቀረው።