አንድ መልእክት ለሊንክድኢንና ለቲክቶክ

ደሴ ላይ ጋቢ የምትሸጡ ከሆነ፣ የሊንክድኢኑን ጽሑፍ ቆራርጣችሁ ለቲክቶክ አታውሉት። አስቀድማችሁ ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «በእጅ የተሸመነው ባለ አራት ድርብ ጋቢያችን የደሴን ብርድ ይመክታል።»

ሊንክድኢን ላይ ይህ ከላይ ይቀመጥ፤ ከጥቂት መስመሮች በኋላ ያለው ጽሑፍ አንባቢው ካልከፈተው አይታይምና። ከሥሩ ለሆቴል ጋቢ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀውን በሰፊው አብራሩ፦ የክሩን ዓይነት፣ አስተጣጠቡን፣ ብዙ ሲታዘዝ የሚፈጀውን ጊዜ።

የቲክቶኩ ቪዲዮ መግለጫ ግን ምስሉ የማያሳየውን ብቻ ይናገር። ጋቢው ሲገለጥ ድርቡ እየታየ «ባለ አራት ድርብ» ማለት ቦታ ማባከን ነው። «ለደሴ ብርድ የተሸመነ፤ ፒያሳ እንገኛለን» ብላችሁ ዋጋውን ጨምሩበት፤ ይበቃል። ከመለጠፋችሁ በፊት ቪዲዮውን ያለ ድምፅ እያያችሁ መግለጫውን አንብቡ፤ ሁለት ጊዜ የተነገረውን ሰርዙ።