ገዢና ሻጭ ዘለውህ ሲዋዋሉ ኮሚሽንህን በጽሁፍ እንዴት ትጠይቃለህ

ባህር ዳር ላይ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። ቤቱን ታሳያለህ፣ ዋጋ ታቀራርባለህ፣ ከዛ ሁለቱም ስልክ ማንሳት ያቆማሉ። ሻጩ "ልጆቼ እምቢ አሉ፣ ትቼዋለሁ" ይልሃል፣ ገዢዋ "ብሩ አልሞላልኝም" ትልሃለች፣ ትንሽ ቆይተህ ከሰፈር ሰው ስትሰማ ውል ተፈራርመው ስም ለማዛወር እየሄዱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደላላ ደውሎ ይጮሃል። መጮሁ ምንም አያመጣም፣ ብሩን የሚያመጣው በደንብ የተጻፈ አንድ መልእክት ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ ሽማግሌ ጋ ቢሄድም ፍርድ ቤት ቢሄድም መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ዓባይ ማዶ 200 ካሬ ላይ ያለ ቤት ነው እንበል፣ ሻጩ 7 ሚሊዮን ብሎ ጀመረ፣ ገዢዋ በ6 ሚሊዮን ገባች፣ አንተ መሃል ሆነህ ስታመላልስ ገዢዋ 6,400,000 ደረሰች፣ ሻጩም "ልመካከርበት" አለ። ኮሚሽኑ ከሁለቱም ወገን 2 ፐርሰንት ተብሎ ተነጋግራችኋል።

መጀመሪያ ማስረጃህን ሰብስብ፣ መልእክቱን ከመላክህ በፊት ማለቴ ነው። ቴሌግራም ላይ ያወራችሁት ካለ ሌላኛው ሰው ከሱ ስልክም ካንተ ስልክም ማጥፋት ይችላል፣ ጠዋት ስትነሳ ባዶ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ስለዚህ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ ስክሪንሾት አንሳ፣ የጥሪ ዝርዝሩንም እንደዛው፣ ከዛ ለምታምነው ሰው ላክለት። ቤቱን ስታሳይ አብሮህ የነበረ ሰው ካለ አሁኑኑ አነጋግረው፣ የባጃጁ ሹፌር ሊሆን ይችላል፣ በር የከፈተላችሁ ተከራይ ሊሆን ይችላል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የ6,400,000 ሁለት ፐርሰንት 128,000 ብር ነው፣ ከያንዳንዳቸው። ከ"256,000 አምጡ" ይልቅ የያንዳንዱን ድርሻ ለብቻው ጻፍ፣ አለበለዚያ አንዱ ሌላው ላይ ይገፋዋል። የመጨረሻውን ዋጋ አታውቀውም ይሆናል፣ ችግር የለም፣ አንተ ፊት የተባለውን የመጨረሻ ዋጋ ያዝና "በሌላ ዋጋ ከሆነ ውሉን አሳዩኝና አስተካክላለሁ" በል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሰረት በጽሁፍ ሆኖ መመዝገብ ስላለበት ውል የሚባል ወረቀት የግድ ይኖራል፣ በቃል ጨርሰነዋል ብለው የሚያመልጡበት አይደለም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። የክርክሩ ጉዳይ ኮሚሽን ተባለ አልተባለም ብቻ አይደለም፣ "እኛ በሱ አይደለም የተገናኘነው" የሚለው ነው። ስለዚህ የመልእክቱ ልብ ሰዎቹን ያገናኘሃቸው አንተ መሆንህን የሚያሳየው አንቀጽ ነው። "እኔ ነኝ ያገናኘኋችሁ" ብሎ መጻፍ ብቻውን ባዶ ነው። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ቤት፣ ማን ባለበት እንዳሳየህ ጻፍ፣ ከዛ እነሱ ራሳቸው የተናገሩትን አንድ ነገር አስገባ፣ ለምሳሌ ገዢዋ "ጣሪያው መታደስ ካለበት ዋጋው ይቀነስ" ብላ የጻፈችልህ ካለ እሱ ከአስር ምስክር ይበልጣል ምክንያቱም ቤቱን ያወቀችው ባንተ በኩል መሆኑን በራሷ እጅ ያሳያል። ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ ውሉ በገዢዋ ስም አይሆንም፣ በባሏ ወይም በወንድሟ ስም ይሆናል፣ ከዛ "እኔ አልገዛሁም" ትልሃለች። ስለዚህ ማን ስም ላይ ዞረ የሚለውን አትከራከር፣ ቤቱን ጻፍ፣ ያሳየሃትን ሰው ጻፍ፣ "በቤተሰብ ስም ቢሆንም ያው ግዢ ነው" ብለህ እለፍ።

እዚህ ጋ ራስህንም መርምር። ሰዎቹ ካንተ በፊት ይተዋወቁ ከነበር፣ ወይ አንተ አድራሻ ብቻ ሰጥተህ ዋጋውን ሌላ ደላላ አቀራርቦት ከሆነ ሙሉውን አትጠይቅ። ሌላ ደላላ ካለበት አስቀድመህ ከሱ ጋር ተስማማና ድርሻህን ብቻ ጻፍ፣ ሁለት ደላላ ሙሉ ሙሉ ሲጠይቅ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ።

ለሻጩ የሚላከው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

> ጋሼ ሰላም ዋሉ። ዓባይ ማዶ ያለውን ባለ 200 ካሬ ቤትዎን በተመለከተ ነው። ጥቅምት 8 ቀን ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ገዢዋን ይዤ መጥቼ እርስዎ ባሉበት አሳይቻለሁ፣ ጥቅምት 12 ደግሞ 6,400,000 ብር መድረሷን ነግሬዎት "ልመካከርበት" ብለውኛል። ከእርስዎ በኩል 2 ፐርሰንት ተነጋግረን ነበር። አሁን ቤቱ ለእሷ ወይም ለቤተሰቧ እንደተሸጠ ሰምቻለሁ። ድርሻዎ በዚህ ዋጋ 128,000 ብር ነው፣ ውሉ ላይ ያለው ዋጋ የተለየ ከሆነ አሳዩኝና አስተካክላለሁ። እስከ ኅዳር 5 ድረስ እንዲከፍሉኝ ወይም ቁጭ ብለን እንድንነጋገር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ደረሰኝ እሰጣለሁ።

ለገዢዋም ያው ነው፣ ያየችበትን ቀንና የሷን ንግግር አስገብተህ፣ ግን ለየብቻ ላክ። ሁለቱን አንድ ግሩፕ ውስጥ ከተህ ከላክህ አንዱ ዝም ሲል ሌላውም ዝም ይላል። ደረሰኝ የሚለውን የምትጽፈው ንግድ ፈቃድ ካለህ ብቻ ነው፣ ከሌለህ አትጻፈው። በድምጽ አትላክ፣ ድምጽ ውስጥ ንዴት ይገባል፣ ሽማግሌም ቁጭ ብሎ አያዳምጠውም። ከላክህ በኋላም አታርመው፣ የታረመ መሆኑ እዛው ላይ ስለሚታይ ጥርጣሬ ያመጣል፣ ስህተት ካለ ሁለተኛ መልእክት ጻፍ። ሁለት ምልክት አድርጎ መነበቡን ስታይ ስክሪንሾት አንሳ።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቅ። ገዢና ሻጭ ግብር ለመቀነስ ውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ እንደሚያስገቡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ደላላውም ስለሚያውቅ "ካልከፈላችሁ እጠቁማለሁ" ብሎ ይጽፋል። አንድ የማውቀው የስራ ባልደረባ ይሄን ጽፎ ቅሬታው ወደሱ ዞረ፣ ኮሚሽን ጠያቂ የነበረው ሰው ዛቻ ተከሳሽ ሆነ፣ በመጨረሻ አንድ ብር አላገኘም። ስም ዝውውሩን አስቆማለሁ የሚለውም እንደዛው ነው፣ ቤቱ ላይ መብት የለህም፣ ያለህ ሰዎቹ ላይ የገንዘብ ጥያቄ ነው።

መልስ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ "የተወሰነ እንስጥህ" ነው የሚሉት። ከ128,000 ላይ 80,000 ቢሉህና ምስክርህ ደካማ ከሆነ ያዘው እላለሁ፣ ሽማግሌ ፊት ከሚባክን ጊዜ ይሻላል። ማስረጃህ ጠንካራ ከሆነ ግን ከሽማግሌ በፊት አትውረድ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩትን የሰፈር ሰው ወይም የደብሩን አባት ጠይቅ፣ መልእክቱን አትመህ ስጣቸው። ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው፣ በቃል የተደረገ የድለላ ስምምነትም ስምምነት ነው፣ የሚከብደው ማስረዳቱ ስለሆነ ነው ስክሪንሾቱን ያስነሳሁህ።

ብሩ በባንክ ይግባ እንጂ በእጅ አትቀበል። ከፊሉን ከከፈሉ "80,000 ብር ገብቶልኛል፣ ቀሪው 48,000 እስከ ታኅሣሥ 10 ተብሏል" ብለህ ጻፍና "እሺ" የሚል መልስ እስኪመጣ ጠብቅ፣ በ80,000 ከተስማማችሁ ደግሞ "ኮሚሽኔን ጨርሻለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም" ብለህ ላክላቸው።