ጉልበቱን የሚያመው ታዳጊ፦ ወላጅና አሰልጣኝ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ልጁን «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ስትሉት በአንድ ጣቱ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብላ ያለችውን ጉብታ ይነካል። የፊት ጭን ጡንቻ በጅማት አልፎ ቅልጥሙ ላይ የሚያያዘው እዚያ ነው። በእድገት ዕድሜ ቦታው ገና ሙሉ በሙሉ አጥንት አልሆነም። በሮጠ፣ በዘለለና ኳስ በመታ ቁጥር ጅማቱ ይጎትተዋል፤ ሲበዛበት ይቆጣል፣ ያብጣል። ኦስጉድ ሽላተር የሚሉት ይህንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባሉ ስፖርተኞች ላይ ይታያል፤ ሴቶች ላይ ትንሽ ቀደም ይላል።

«እስኪሻለው ይረፍ» ብሎ፣ ሲሻለው በአንዴ መመለስ። ይሄኛው አሰልችቶኛል። አንድ የ13 ዓመት የክንፍ ተጫዋች ነበር። በሳምንት አራት ቀን ልምምድ፣ ቅዳሜ ጨዋታ። ሲያመው ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ፤ ሕመሙ ጠፋ። ሰኞ ተመልሶ ከሌሎቹ እኩል ስፕሪንት ሮጠ፣ ጎል ላይ ደጋግሞ መታ። ሐሙስ እያነከሰ ነበር። እንደገና ዕረፍት፣ እንደገና ሰኞ፣ እንደገና ማነከስ። ምን ይጠበቃል ታዲያ? በዕረፍቱ ሕመሙ ቢጠፋም የጭኑ ጡንቻ ደከመ እንጂ አልጠነከረም። ያ ጉብታም ጫና መሸከም አልተለማመደም።

እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ከሜዳ አላስወጣነውም፤ ስፕሪንት፣ ዝላይና ኃይለኛ ምት ብቻ ቀነስንለት። ኳስ ማቀበሉን፣ ቁጥጥሩን፣ ብስክሌቱን ቀጠለ። ቤት ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ቀጥ አድርጎ 30 ሰከንድ ይይዛል፣ ያሳርፋል፣ እስከ 10 ጊዜ ይደግማል። ይህ ሲቀለው ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ስኳት፣ ከዚያ ወደ ፊት እየተራመዱ መንበርከክ የመሰለው እንቅስቃሴ፣ ጉልበቱ መሬት ሳይነካ። ሜዳ ላይ የምንመልስለት አንድ አንድ ነገር ነበር፦ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ሩጫ፣ ቀጥሎ ስፕሪንትና አቅጣጫ መቀየር፣ ከዚያ ዝላይ፣ መጨረሻ ላይ ምትና ጨዋታ። ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት አይጨመርም። ሙሉ ጨዋታ ላይ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ወሰደ። ለልጅ ረጅም ነው፤ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቡድኑ አልተለየም።

ሕመምን «አለ ወይስ የለም» ብሎ ብቻ መጠየቅ። «ከ10 ስንት?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲሠራ እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ መጠኑ ልክ ነው። ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ከትናንት ጠዋት የባሰ ካመመው፣ ትናንት በዝቷል ማለት ነው፤ ወደ ቀደመው እርምጃ ይመለሱ። ካነከሰ ግን ቁጥሩን መጠየቅ አያስፈልግም፣ የዚያ ቀን ልምምድ አብቅቷል። ልጆች ከጨዋታ ላለመቅረት ቁጥር ያሳንሳሉ፤ ስለዚህ አፉን ብቻ ሳይሆን አረማመዱንም እዩ።

የክለቡን ልምምድ ብቻ መቁጠር። የትምህርት ቤት ስፖርትም፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ኳስም ያው ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። «ቀነስን» ያሉኝ ወላጅ ልጃቸው በእረፍት ሰዓት በየቀኑ እንደሚጫወት የሰሙት እኔ ፊት ነው።

ተረከዝን ወደ መቀመጫ ጎትቶ በኃይል ማሳሳብ። ጡንቻው ተወጥሯል ተብሎ ይደረጋል። ነገር ግን የተቆጣውን ቦታ ያው ጅማት ነው የሚጎትተው። ጉብታው ላይ ሕመም ካመጣ ይተው፤ ሕመሙ ሲበርድ ቀስ ብሎ ይመለስበታል።

ጉብታውን በጣት እየተጫኑ ማሸት፦ አይሆንም።

ከጨዋታ በፊት ማስታገሻ ሰጥቶ ማስገባት፦ ፈጽሞ። ጫናውን የምንለካበት ሕመሙ ነው፤ ሕመሙን ስናደነዝዝ መለኪያችንን አጣን። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከልምምድ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መያዝ ግን ይችላል፤ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይጠበቅበትም።

ሁሉንም «የእድገት ሕመም ነው» ብሎ ማለፍ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የመላው ጉልበት ማበጥ ወይም መቆለፍ ሐኪም ይፈልጋል። ጉልበቱን የሚያመው ልጅ ዳሌው ሲዞርም ካመመው ወይም እግሩ ወደ ውጭ ከዞረ ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ስለሚችል ሜዳ ሳይገባ ይታይ። ሲዘል ወይም ሲመታ ድንገት «ቀጭ» ብሎ እግሩን ቀጥ ማድረግ ካቃተው፣ አጥንቱ ተገንጥሎ ሊሆን ይችላል። እንዲራመድበት ሳታደርጉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ወላጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ ስለ እብጠቱ ነው። ሕመሙ እድገት ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል፤ ጉብታው ግን እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ሲንበረከክ ይቆረቁረው ይሆናል፣ ያኔ ከጉልበቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርግ።