በሌሉበት ተፈርዶብዎታል? መጥሪያው በማን እጅ እንደ ወደቀ ከመዝገቡ ይፈልጉ

ምልክቱ

ሰውየው ቀድሞ አዲስ አበባ ኮልፌ ተከራይቶ ይኖር ነበር። መስከረም 2016 ዓ.ም. ቤቱን ለቅቆ ወደ አዳማ ሄደ። ሚያዝያ 10 ቀን ከአፈጻጸም ችሎት የወጣ መጥሪያ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጣለት። ሲያነበው 350,000 ብር ከነወለዱ እንዲከፍል ጥር 20 ቀን ተፈርዶበታል። ስለ ክሱ ከዚያ በፊት የሰማው ነገር አልነበረም። ይህ ሰው በምሳሌ ያቀረብሁት ነው፤ ነገሩ ግን በየችሎቱ የሚያጋጥም ነው።

መንስኤው

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 70 ዳኛው በመጀመሪያ እንዲያጣራ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መጥሪያው ለተከሳሹ በአግባቡ ደርሶታል ወይ? ደርሶት ከቀረ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ካልደረሰው ሌላ መጥሪያ ይወጣል። ደርሶት ለመዘጋጀት የሚበቃ ጊዜ ካላገኘ ደግሞ ቀጠሮው ይተላለፋል። ስለዚህ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍርዱ በፊት፣ መጥሪያው ደርሷል በተባለበት ቀን ላይ ነው የሚገኘው።

ሰውየው የመዝገቡን ግልባጭ ጠይቆ አወጣ። ከክስ ማመልከቻው ጋር የተያያዘው የመጥሪያ ቅጂ በኮልፌው አድራሻ የተጻፈ ነው። ከሥሩ ፊርማ አለ፤ አጠገቡም “ለቤተሰብ ተሰጠ” ይላል። ከሳሹም መጥሪያውን ማድረሱን በቃለ መሐላ አረጋግጧል። የፈረመችው ግን ቤቱን ከእሱ በኋላ የተከራየች ሴት ናት፤ አታውቀውም፣ ዘመዱም አይደለችም። ሕጉ መጥሪያ ለቤተሰብ እንዲሰጥ ሲፈቅድ አብሮት የሚኖረውን አዋቂ ሰው ማለቱ ነው እንጂ በዚያ በር የተገኘውን ሁሉ አይደለም።

መጥሪያ ሲመጣልዎት “አልቀበልም” ብለው የመለሱ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይድኑም። መጥሪያው በተለመደው መንገድ ሊደርሰው ላልቻለ፣ ለምሳሌ አድራሻው ለጠፋ ሰው፣ በቁጥር 105 መሠረት ፍርድ ቤቱ ምትክ መጥሪያ ሊያዝዝ ይችላል፤ በጋዜጣ የሚወጣው ጥሪ ከዚህ የሚመጣ ነው። በዱባይ ወይም በቤይሩት የምትሠራ እህታችን ያንን ጋዜጣ የማየት ዕድሏ ጠባብ ነው። ስለዚህ በጋዜጣ የተጠራ ሰው መዝገቡን ሲያወጣ ከሳሹ ስለ አድራሻው ምን ብሎ እንደ ጻፈ ይይ። ስልኩን እያወቀ፣ ወንድሙን በየሳምንቱ እያገኘ “አድራሻው አይታወቅም” ብሎ ከሆነ ጠንካራው ነጥብ እዚያ ላይ ነው።

መፍትሄው

ቁጥር 78 በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት “ፍርዱ ይነሳልኝ” ብሎ እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። ወሩ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ከታወቀበት ቀን ነው። የኛ ሰው ጊዜው ከሚያዝያ 10 እስከ ግንቦት 10 ነው። ጥር 20ን እያሰበ “አልፎብኛል” ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ መብቱን በገዛ እጁ ይጥላል። ያወቀበትን ቀን የሚያሳየው ሚያዝያ 10 ፈርሞ የተቀበለው የአፈጻጸም መጥሪያ ስለሆነ ከማመልከቻው ጋር ያያይዘዋል።

በማመልከቻው ላይ ዕዳ የለብኝም የሚለውን ዋና ክርክር ማስረዘም አያስፈልግም። ማሳየት ያለበት ከሁለቱ አንዱን ነው፦ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰኝም፣ ወይም ደርሶኝ በበቂ ምክንያት መቅረብ አልቻልሁም። እሱ የመጀመሪያውን ይዞ የአዳማውን የኪራይ ውል፣ አዲሱን የነዋሪነት መታወቂያ እና ኮልፌ ላይ የፈረመችውን ሴት በምስክርነት ያቀርባል። ሁለተኛውን ለሚይዝ ሰው ለምሳሌ በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ተኝቶ እንደ ነበር የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ ይጠቅመዋል። “ረሳሁት” የሚለው ግን አያስኬድም።

ማመልከቻው ለከሳሹ ደርሶት መልስ ሳይሰጥበት ፍርዱ አይነሳም። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የአፈጻጸሙ መዝገብ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በዚያው ቀን አፈጻጸሙ እንዲታገድ ለብቻው ይጠይቁ። ይህን ዘንግተው ንብረታቸው ለሐራጅ ከቀረበ በኋላ የሚሮጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ውጭ አገር ያሉ ከሆነ ወሩን የሚበላው ውክልናው ነው። በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና አገር ቤት ደርሶ ተረጋግጦ ጠበቃው እጅ እስኪገባ ቀናት ስለሚሄዱ፣ ፍርዱን በሰሙበት ዕለት ይጀምሩት።

ፍርዱ ሲነሳ ክሱ አይዘጋም። ፍርድ ቤቱ ኪሣራ እንዲከፍል ወይም ገንዘብ እንዲያስይዝ ሊያዝዝ ይችላል፤ ከዚያ ሰውየው የመከላከያ መልሱን አቅርቦ ክርክሩ ይጀመራል። 350,000 ብሩን መበደር አለመበደሩ የሚጣራው ያኔ ነው።

ፍርድ ገና ካልተሰጠ ነገሩ ይቀላል። ጉዳዩ በሌሉበት እንዲታይ ታዝዞ ቀጠሮ ላይ ከሆነ፣ በዚያ ቀጠሮ ወይም ከዚያ በፊት ቀርበው የቀሩበትን በቂ ምክንያት ካስረዱ፣ በቁጥር 72 መሠረት ክርክሩ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።