ወደ ኢአርፒ ከመግባታችሁ በፊት የደንበኛና የዕቃ ዳታ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከጅማ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች

ጅማ ውስጥ ብዙ ጅምላ አከፋፋይ ሂሳቡን በፒችትሪ፣ ዱቤውን በኤክሴል፣ ቀሪውን በደብተር ይይዛል። አንድ ቀን ባለቤቱ ሂሳቡንም ዕቃውንም ደንበኛውንም በአንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር፣ ኢአርፒ፣ ይገዛል፤ ሶፍትዌሩን የሚያስገባው ባለሙያ ደግሞ «ዳታችሁን በዚህ ፎርማት አምጡ» ብሎ ባዶ ፋይል ይልካል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ ዳታው ትክክል መሆኑን አያውቅም። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅን በምሳሌነት የያዝኩት ሁሉም ዓይነት ችግር እዚያ ስለሚገኝ ነው፤ የቡና አቅራቢም የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይም የራሱን ያገኝበታል።

1. ከድሮው ሲስተም የወጣውን ፋይል ደብል ክሊክ አድርጎ መክፈት

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ዳታ የሚበላሸው ማጽዳቱ ሳይጀመር በፊት ነው። ኤክሴል ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርጋል። የቲን ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ ብዙዎቹም በዜሮ ይጀምራሉ። ፋይሉን ዝም ብላችሁ ከከፈታችሁት ፊት ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ፤ ሴቭ ስታደርጉ ደግሞ ለዘለቄታው ይሄዳሉ። የስልኩም 09 እና 07 እንደዚሁ 9 እና 7 ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚብሰው የቧንቧ ዕቃ ነው። ኮዱ ወይም መጠኑ `1/2` እና `3/4` ተብሎ የተጻፈ ዕቃ ኤክሴል ውስጥ ቀን ይሆናል። የግማሽ ኢንች ክርን የጥር ወይም የየካቲት ቀን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዜሮ የጠፋበት ቲን ይመለሳል፤ ቀን የሆነ ኮድ ግን በፎርሙላ አይታመንም። ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

ስለዚህ ፋይሉን በ`Data` ሜኑ፣ በ`From Text/CSV` አስገቡት፤ ኮድ፣ ቲንና ስልክ ያለባቸውን ዓምዶች በሙሉ `Text` አድርጉ። የመጀመሪያውን ፋይል ማንም እንዳይነካው ለብቻው አስቀምጡት። ዜሮው አስቀድሞ ጠፍቶ ከደረሳችሁ ይሄ ይመልሰዋል፦

```
=TEXT(A2,"0000000000")
```

ግን መጀመሪያ ርዝመቱን በ`=LEN(A2)` እዩ። 8 ወይም 9 አሃዝ ከሆነ የጎደለው ዜሮ ሳይሆን አይቀርም። 6 ወይም 11 ከሆነ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው፤ ደንበኛውን ጠይቁ እንጂ ዜሮ አትሙሉለት።

2. ደንበኞችን በስም ብቻ ማዋሃድ

አንድ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ስታዩት «ስሙ አንድ ነው፣ አዋህደው» ማለት ይቀናል። ጅማ ላይ ይሄ በሁለት በኩል ያሳስታል።

አንደኛው፣ አንድ ሰው በብዙ አጻጻፍ ይገኛል። አንዱ ካሸር በአማርኛ «ጫላ» ይላል፤ ሌላው `Chala` ይጽፋል፤ በቁቤ የጻፈው ደግሞ `Caalaa` ይላል። ጥላሁን `Tilahun` ሆኖ አንድ ቦታ፣ `Xilaahun` ሆኖ ሌላ ቦታ ይገኛል። ፊደል ተራ አስይዛችሁ ብትፈልጉ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ነው የሚወድቀው። በአማርኛ ራሱ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ አሉ። ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ዓምድ ከፍታችሁ እነዚህን ወደ አንድ ፊደል መልሱ፤ ደንበኛው ራሱ የሚጽፈውን ስም ግን አትንኩበት።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ስም ይገኛል። መሐመድ አህመድ የሚባል ደንበኛ የሌለው ሱቅ ጅማ ውስጥ አይታሰብም። ነባሩ ዱቤ ሰብሳቢ ይለያቸዋል፤ ደብተሩ ላይም «መሐመድ አጋሮ»፣ «መሐመድ ሰቃ» እያለ ጽፏል። ዳታ የሚያጸዳው ወጣት ደግሞ ይሄን የቦታ ስም «ቆሻሻ» ብሎ ያጠፋዋል። ሁለቱ መሐመዶች አንድ ይሆናሉ፤ የአንዱ ዕዳ ለሌላው ይደመራል። ሽያጭ ከተመዘገበበት በኋላ እነሱን መልሶ መለየት ደግሞ ደረሰኝ በደረሰኝ የሚሠራ ሥራ ነው።

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቲን፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ስም መጨረሻ። ስልክ ለማነጻጸር የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ውሰዱ፤ በ09 የተጻፈውም፣ በ+251 የተጻፈውም፣ ዜሮው የጠፋውም አንድ ላይ ይመጣሉ፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2," ",""),"-",""),9)
```

ቲንም ስልክም ከተመሳሰለ አዋህዱ። ቲን አንድ ሆኖ ስልክ ከተለያየ ምናልባት አጋሮ ላይ ሁለተኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ አንድ ደንበኛ አድርጋችሁ ሁለት አድራሻ ስጡት። ስም ብቻ ከተመሳሰለ አትንኩ። ዝርዝሩን አትማችሁ ዱቤ የሚሰበስበው ሰው ጋ ቁጭ በሉ። በኤክሴል ሳምንት የሚፈጀውን እሱ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የአያት ስም ካለ ጨምሩ፤ በቦታ መጠሪያ የሚታወቀውንም ቅጽል አዲሱ ካርድ ላይ በማስታወሻ አስቀሩለት።

3. ዕቃዎችን ሲያዋህዱ መለኪያውን መርሳት

ገንዘብ በትክክል የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ በዚህ ላይ ረዘም ላድርግ።

12 ሚሊ ብረትን ውሰዱ። ሲገዛ በኩንታል ነው፤ ሲሸጥ በቤርጋ። ድሮው ሲስተም ላይ ታዲያ ሁለት ዕቃ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አንዱ «ብረት 12»፣ ሌላው `Rebar 12mm`። የመጀመሪያው ቀሪ 240 ይላል፤ ሁለተኛው 30። ዳታ የሚያጸዳው ሰው ሁለቱ አንድ ዕቃ መሆናቸውን አወቀ፤ እሰየው። አዋህዶም 270 ብሎ ጫነ።

240ው ግን ቤርጋ ነው፤ 30ው ኩንታል። የብረት ክብደት በሜትር የሚገኘው ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። ለ12 ሚሊ 0.888 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ቤርጋው 12 ሜትር ስለሆነ አንዱ 10.66 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በኩንታል 9.38 ቤርጋ ማለት ነው። 30 ኩንታሉ ወደ 281 ቤርጋ ይሆናል። ትክክለኛው ድምር 521 እንጂ 270 አይደለም።

ይሄ እንዴት ይታወቃል? የአንዱን ዋጋ በማየት። ለስሌት ያህል የአንድ ቤርጋ መግዣ 1,200 ብር ነበር እንበል። ሁለቱ ዕቃዎች በድምሩ ወደ 625,700 ብር ይይዛሉ። ይሄ ገንዘብ ለ270 ሲካፈል አንዱ ቤርጋ ከ2,300 ብር በላይ ይመጣል። አዲሱ ሲስተም በመደበኛው ዋጋ የተሸጠውን ሁሉ ኪሳራ ብሎ ያሳያል። ለ521 ካካፈላችሁት ግን ወደ 1,200 ይመለሳል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ዕቃ ጠቅላላ ዋጋውን በብዛቱ አካፍሉና ከመጨረሻው የግዢ ደረሰኝ ጋር አነጻጽሩ። ዋጋው በጣም የራቀ ዕቃ ካለ መጀመሪያ መለኪያውን ጠርጥሩ።

ስሌቱ ግን ለማጣሪያ እንጂ ለቆጠራ አይሆንም። ገበያ ላይ ያለው ብረት ሁልጊዜ ልክ አይመዝንም። በመጨረሻ የሚታመነው ቁጥር መጋዘን ገብቶ የተቆጠረው ነው።

መሠረታዊ መለኪያ ስትመርጡ መጋዘኑ ውስጥ በዓይን የሚቆጠረውን ወይም በሚዛን የሚለካውን ያዙ። ለብረት ቤርጋ፣ ለሚስማር ኪሎ። ጥቅል ሽቦ ክብደቱ ከጥቅል ጥቅል ስለሚለያይ እሱም በኪሎ ይሻላል። ካርቶን ላይ ተጠንቀቁ፤ የሚስማር ካርቶንና የሴራሚክ ካርቶን አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ መቀየሪያው በየዕቃው ካርድ ላይ ይግባ እንጂ ለሁሉም አንድ አይሁን። የቀለም ጋሎንና ባልዲ ደግሞ ሁለት መለኪያ ሳይሆኑ ሁለት ዕቃ ናቸው፤ ከባልዲ ቀድቶ በጋሎን የሚሸጥ የለምና።

ይሄን ከመጫን በፊት ወስኑ የምለው በምክንያት ነው። ኢአርፒኔክስት በተባለው ኢአርፒ ላይ ለምሳሌ አንድ ዕቃ በአንድ መለኪያ እንቅስቃሴ ከተመዘገበበት በኋላ መሠረታዊ መለኪያውን መቀየር አይፈቅድም፤ አዲስ ዕቃ ክፈት ይላል። የተጸዳው ዝርዝር ያኔ እንደገና ይደባለቃል።

4. የኢትዮጵያን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን መጫን

ዱቤ ደብተሩ ላይ `30/06/2016` ይላል። የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ማርች 9 ቀን 2024። ሲስተሙ ግን ጁን 30 ቀን 2016 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ዕዳው በአንድ ጊዜ ወደ 8 ዓመት ያረጃል። የጳጉሜን ቀን ቢሆን 13ኛ ወር ስለሌለው ስህተት ብሎ ይመልሰዋል፤ ያ ይሻላል። አደገኛው ያለ ቅሬታ የሚገባው ነው። ከተሰብሳቢ ሂሳብ ሪፖርት ላይ ሱቁ ሳይከፈት በፊት የተሸጠ የሚመስል ደረሰኝ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

5. ያለ ማዛመጃ ሠንጠረዥ መሰረዝና ማዋሃድ

ከድሮው ዝርዝር ላይ መስመር እየሰረዙ «ማጽዳት» የተለመደ ነው። ሦስት ወር ቆይቶ ደንበኛ የድሮ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ ያ ኮድ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ምንም መስመር አትሰርዙ። አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱና እያንዳንዱ የድሮ ኮድ አንድ መስመር ይኑረው፤ አዲሱ ኮድ፣ መቀየሪያው፣ ውሳኔው፣ የወሰነው ሰው ስም አጠገቡ ይጻፍ። በላይኛው ምሳሌ «ብረት 12» መቀየሪያው 1፣ `Rebar 12mm` ደግሞ 9.38 ይሆናል። ወደ አዲሱ የማይሄድ ዕቃ «አይሄድም» ተብሎ ይቀመጥ። ሁለት ዓመት ያልተሸጠና ቀሪ የሌለው ሁሉ እዚህ ይቁም። ቀሪ ዕዳ ያለበት ወይም ቀብድ የከፈለ ደንበኛ ግን አሥር ዓመት ባይመጣም ይሄዳል።

ሙከራ ከጫናችሁ በኋላ የምታነጻጽሩት የመስመር ብዛት አይደለም፤ እሱማ ስላዋሃዳችሁ መቀነሱ አይቀርም። የሚነጻጸረው ገንዘቡ ነው። የደንበኞች ቀሪ ድምር ከድሮው ተሰብሳቢ ሂሳብ ጋር፣ የዕቃው ዋጋ ድምር ከድሮው የዕቃ ሂሳብ ጋር እስከ ሳንቲም መግጠም አለበት። የመጋዘን ቆጠራው ልዩነት ካመጣም ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት፤ በራሱ ማስተካከያ ይመዝገብ። ቀብድ የከፈሉትን ለብቻ ደምሩ፤ ዕዳና ቀብድ ተጣፍተው ድምሩ ሊገጥም ይችላልና። ካልገጠመ ልዩነቱን «የማስተካከያ ሂሳብ» ብላችሁ አትሸፍኑት። በማዛመጃ ሠንጠረዡ ላይ አዲስ ኮድ ያልተሰጠው መስመር ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ገንዘብ ያለው እዚያ ነው።

በመጨረሻም የድሮውን ኮድ አዲሱ ካርድ ላይ በሚፈለግ ቦታ አስገቡት። መጋዘን ያለው ሠራተኛ ለወራት የሚጠራው በድሮው ነው፤ ፈልጎ ካጣው ደግሞ ያንኑ ዕቃ እንደ አዲስ ይከፍተዋል።