ፐልሱን አሳጥረው የሶናሩ ምስል አልቀጥን ሲል

ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው። ጀልባው ጣና ላይ ነው፤ ጥልቀቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሜትር። ድምፅ ልኮ በማሚቶው ወለሉንና ዓሣውን የሚያሳየው ሶናር ስክሪኑ ላይ የሐይቁ ወለል ቀጭን መስመር ሆኖ መታየት ሲገባው ወፍሮ ይመጣል። ወለሉ አጠገብ የተኛው አምባዛ ከጭቃው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል። የጀልባው ባለቤት ሜኑ ውስጥ ገብቶ ፐልሱን፣ ማለትም ማሽኑ በየጊዜው የሚልከውን አጭር ድምፅ፣ ያሳጥራል። ምስሉ ግን አይቀጥንም፤ ይደበዝዛል እንጂ። ከዚያ ሶናሩን ነቅሎ ባሕር ዳር ወዳለችው ሱቄ ይመጣል። «ማሽኑ ሞቷል» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው።

ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ሴንሰር ላይ የእምቦጭ ሥር ተጠምጥሞ እንደሆነ፣ የሚመለሰውን ድምፅ የሚያጎላው ጌይን ከልክ በላይ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ከፕሮፔለሩ የሚነሳ አረፋ ከሥሩ እየገባ እንደሆነ አይታችኋል ብዬ እገምታለሁ። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ። ጥልቀቱ ድንገት እጥፍ ሆኖ ከታየ ደግሞ ድምፁ ወለሉንና የውሃውን ፊት ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ነው። ጌይን ቀንሱ፣ ያልፋል።

መጀመሪያ ምስሉ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት እንወቅ። በጣና ውሃ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ ወደ 1490 ሜትር ይጓዛል። ፐልሱ ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ፣ ሁለት ነገሮችን ለይቶ የሚያሳየው ርቀት የፐልሱ ቆይታ በድምፁ ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ማሽኑ 0.5 ሚሊሰከንድ ላይ ከተተወ ውጤቱ 37 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚዋኝ ዓሣ አይለይም ማለት ነው። 0.05 ሚሊሰከንድ ቢሆን 3.7 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሰዎች ይህን አይተው ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። በወረቀት ላይ ልክ ናቸው።

ሴንሰሩ ግን እሺ አይልም። ለምን?

አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ያለው ድምፅ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ እኩል እየተንቀጠቀጠ ይቀጥላል። ድምፁ እንዲጀምርና እንዲያቆም ከፈለግን ሌሎች ፍሪኩዌንሲዎችን መጨመር አለብን። መሃል ላይ ሁሉም አብረው ይወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ጥያቄው ለመጣፋት ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል ነው። 200 እና 201 ኪሎኸርዝ አንድ ላይ ቢነሱ፣ አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች የሚሆነው ከ0.5 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ ለመለያየት ይዘገያሉ። 200 እና 210 ኪሎኸርዝ ቢሆኑ በ0.05 ሚሊሰከንድ ይለያያሉ። ቶሎ እንዲጣፉ ከፈለግህ የተራራቁ መሆን አለባቸው። ሌላ መንገድ የለም። ይህ የማሽን ጥራት ጉዳይ አይደለም፤ ምንም ያህል ብር ብትከፍል አይቀየርም። ለሱቅ ሥራ የሚበቃው ግምት ይህ ነው፦

```
B ≈ 1 / T
```

`B` የፍሪኩዌንሲው ስፋት ነው፣ `T` የፐልሱ ቆይታ። 0.5 ሚሊሰከንድ 2 ኪሎኸርዝ ያህል ይበቃዋል። 0.05 ሚሊሰከንድ 20 ኪሎኸርዝ ይፈልጋል። የፐልሱ ቅርፅ ቁጥሩን ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል፣ ዝምድናው ግን ያው ነው።

በጆሮ መስማት የፈለገ ጣና ዳር ካሉት ገዳማት የድንጋይ ደወል አጠገብ ይቁም። ደወሉ ተመትቶ ሲለቀቅ ረጅም ይጮሃል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ ተከትሎ ማዜም ይቻላል። ወዲያው በመዳፍ ቢያዝ «ቋ» ብሎ ይቀራል። ያንን «ቋ» ማን ያዜመዋል? ድምፁ ሲያጥር በብዙ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተበትኗል።

አሁን ወደ ሴንሰሩ እንመለስ። ርካሹ የፕላስቲክ ሴንሰር ውስጥ ያለው ሴራሚክ ልክ እንደ ተለቀቀ ደወል ነው። 200 ኪሎኸርዝ ላይ በደንብ እንዲጮህ ተደርጎ ተሠርቷል። ሌላውን አይወድም። በቅርቡ የለካሁት አንዱ በደህና የሚያስተላልፈው ከ196 እስከ 204 ብቻ ነበር፣ 8 ኪሎኸርዝ ማለት ነው። 0.05 ሚሊሰከንድ አዘዝኩት። ይህ ልክ 10 ዙር ንዝረት ነው። የሞገዱን ቅርፅ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። 10ሩ ዙር ሲያልቅ ሴራሚኩ ገና እየተሟሟቀ ነበር። ትእዛዙ ከቆመ በኋላ ደግሞ 20 ዙር ያህል ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ቀስ ብሎ ሞተ። በድምሩ 0.15 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 11 ሴንቲ ሜትር። ያዘዝኩት 3.7 ነበር። ሲመለስም ድምፁ በዚያው ጠባብ በር ስለሚገባ ጭራው ይረዝማል። የተላከው ጉልበት ከ0.5 ሚሊሰከንዱ ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ነው። የደበዘዘውም ያልቀጠነውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ሴንሰር ካላችሁ ፐልሱን ከ0.12 ሚሊሰከንድ በታች አታውርዱት። ትርፉ ድብዝዝታ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የሰለቸኝን ብልሽት ልንገራችሁ። ሶናሩ ጥሩ ነው፣ ቺርፕ ያለው። ቺርፕ ማለት ማሽኑ ፍሪኩዌንሲውን ለምሳሌ ከ150 እስከ 240 ኪሎኸርዝ እየጠረገ ረጅም ፐልስ ይልካል፣ ሲመለስ ደግሞ በስሌት ጨምቆ ያሳጥረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትሳቱ። አጭር ፐልስ ሰፊ ፍሪኩዌንሲ ይፈልጋል፤ ሰፊ ፍሪኩዌንሲ ያለው ግን የግድ አጭር አይደለም። ቺርፕ የሚኖረው በዚህ ክፍተት ነው። ረጅም ስለሆነ ጉልበት አለው፣ ሰፊ ስለሆነ ሊጨመቅ ይችላል። 90 ኪሎኸርዝ ሲጨመቅ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳን የማይሞላ ልዩነት ይለያል።

ታዲያ የጀልባው ሴንሰር ድንጋይ ይመታና ይሰበራል። ባለቤቱ ሶኬቱ የሚገባለትን ሌላ ሴንሰር ገዝቶ ይሰካል። ካርቶኑ ላይ «ቺርፕ» ተብሎ ተለጥፎበታል። ውስጡ ግን ያው የ8 ኪሎኸርዝ ሴራሚክ ነው። ማሽኑ 90 ኪሎኸርዝ ይጠርጋል፣ ሴንሰሩ ከመሃል 8ቷን ብቻ ያሳልፋል። ከአሥሩ ጉልበት ዘጠኙ መንገድ ላይ ቀረ። የቀረው ሲጨመቅም 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም በ8 ኪሎኸርዝ ከዚያ በላይ ማሳጠር አይቻልም።

ባለፈው አንድ የዘጌ ጀልባ ነጂ መጣ። ሦስት ጊዜ ሴንሰር ቀይሯል፣ ሦስቱም ከአንድ ሻጭ። «ወንድሜ፣ ሶኬቱ እኮ ልክክ ብሎ ገብቷል» ይለኛል። ሶኬት ምን ያውቃል! አራተኛውን ሊገዛ ብሩን በእጁ ይዞ ነበር። ሰው በዚህ ያናድደኛል። ሻጩ ደግሞ የባሰ።

እቤት መለየት ይቻላል። የጠረጋውን ስፋት ከሜኑ በግማሽ ቀንሱ። ሴንሰሩ እውነተኛ ሰፊ ከሆነ ምስሉ ወዲያው ይወፍራል። ውፍረቱ ካልተለወጠ በሩ የጠበበው ሴንሰሩ ላይ ነው። ይህን ስታደርጉ ጌይኑን አውቶማቲክ ላይ አትተዉት፣ ያታልላችኋል።

እርግጠኛ ለመሆን ይለካል። እኔም በዚህ ተታልያለሁ። በበርሜል ውሃ ውስጥ ሁለት ሴንሰር ትይዩ ሰቀልኩ፣ አንዱ ሰፊ መሆኑን የማውቀው። የበርሜሉ ግድግዳ ማሚቶ ከዋናው ድምፅ 0.2 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ እንዳይቀላቀልብኝ 0.1 ሚሊሰከንድ ብቻ እየላክሁ ከ150 እስከ 240 በየደረጃው ለካሁ። ሴንሰሩ ከሚገባው በላይ ሰፊ ሆኖ ወጣ። ደስ አለኝ። ሞኝ ነበርኩ። 0.1 ሚሊሰከንድ የሆነ ድምፅ ራሱ 10 ኪሎኸርዝ ያህል ይበተናል። 190 ላኩ ስል ወደ 196 ጠጋ ያለውንም አብሬ እየላክሁ ነበር። በ10 ኪሎኸርዝ ወፍራም ጣት 8 ኪሎኸርዝ በር ይለካል? በማግስቱ ሐይቁ ዳር ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ ሄድሁ። ሁለቱን ሴንሰሮች ግማሽ ሜትር አራርቄ ከውሃው መሃል ሰቀልኋቸው። እዚያ የመጀመሪያው ማሚቶ የሚደርሰው ከ1.5 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። አንድ ሙሉ ሚሊሰከንድ መላክ ቻልሁ፣ መበተኑም ወደ 1 ኪሎኸርዝ ወረደ። ያኔ ነው 196 እና 204 ጥርት ብለው የታዩኝ። የበሩ ዳር የሚባለው የሞገዱ ቁመት ከከፍተኛው ወደ 70 በመቶ የወረደበት ነው።

ሴንሰሩን ከውሃ ውጭ ረጅም ጊዜ አታስጩሁት፣ ይሞቃል። ኬብሉን ቆርጣችሁ አትቀጥሉ። እደግመዋለሁ፣ አትቀጥሉ። የማሽኑን የመቀበያ ፊልተር ከፍታችሁ «ላስፋው» የምትሉም አላችሁ። ሴንሰሩ ጠባብ ሆኖ ፊልተሩን ብታሰፉ ዓሣ አይጨመርላችሁም፤ የሚገባው የሞተሩ ጫጫታ ነው።

መፍትሄው ከማሽኑ ጠረጋ ጋር የሚመጣጠን ሴንሰር መግዛት ነው። ሻጩን ስለ ሶኬቱ ሳይሆን ስለ ፍሪኩዌንሲው ጠይቁት፤ ከስንት እስከ ስንት? «200» ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ከነገራችሁ ውጡ። ሰፊው ካልተገኘ ከፍ ወዳለ ፍሪኩዌንሲ መሄድ ይረዳል። የሴራሚክ ስፋት ከመሃል ፍሪኩዌንሲው ጋር አብሮ ያድጋል። 200 ላይ 8 ኪሎኸርዝ የሚሰጥ አሠራር 800 ላይ ወደ 32 ይሰጣል። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይደክማል፣ ግን ጣና በጥልቅ ቦታው እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ሐይቅ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ወለሉ እንደ ፀጉር ቀጥኖ አይመጣም። የ20 ዲግሪ ሾጣጣ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ የጠርዙ መንገድ ከመሃሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከጠርዙ የሚመለሰው ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ ፐልሱ የፈለገውን ቢያጥር ወለሉ ያን ያህል ይወፍራል። ለስላሳ ጭቃ ያለበት ቦታ ደግሞ ድምፁ ከጭቃውም ውስጥ ስለሚመለስ ውፍረቱ እውነተኛ ነው። ከወለሉ በላይ ያሉት ሁለት ዓሦች ተለያይተው ከታዩ ግን ሴንሰሩ ደህና ነው፣ አትንኩት።